«ለማንኛውም፣ እሱን ተዪው»

እናቴ የሐሞት ጠጠር ቀዶ ሕክምና ተደርጎላት በተኛች በአምስተኛው ሌሊት፣ አልጋዋ ሥር ባነጠፍኩት ካርቶን ላይ ተቀምጬ፣ ጋቢዬን እስከ አፍንጫዬ ተከናንቤ፣ ኮምቦልቻ ለምትኖረው ታላቅ እህቴ መልእክት እጽፍ ነበር። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። የደሴን የክረምት ሌሊት ለሚያውቅ ሰው ብርዱን መግለጽ አያስፈልገኝም። ክፍሉ ውስጥ ያሉት አስታማሚዎች ሁሉ ተኝተዋል፤ እኔ ግን ጣቶቼ ደንዝዘው እንኳ መጻፌን ማቆም አልቻልኩም።

እህቴ ቀዶ ሕክምናው የተደረገ ዕለት ሰኞ መጥታ ነበር። እናታችን ከማደንዘዣው ስትነቃ አይታ፣ ማታውኑ በመጨረሻው ሚኒባስ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ በቀን አንድ ጊዜ ትደውላለች፤ «እንዴት አደረች?» ትለኛለች፣ «ደህና ናት» እላታለሁ፣ ስልኩ ይዘጋል። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐረጎን ወርዶ ለመውጣት ጉም ቢኖር እንኳ ከአንድ ሰዓት ብዙ አይበልጥም። ያን ሌሊት ያንገበገበኝ ይህ ርቀት ነበር፤ አዲስ አበባ ወይም ጂዳ ብትሆን ኖሮ እንዲያ አልጽፍም ነበር ብዬ አስባለሁ።

የጻፍኩት ርዝመቱ 412 ቃል ነበር። ይህን የማውቀው በኋላ ስለቆጠርኩት ነው። ያን ጊዜ የሚታወቀኝ ነገር ቢኖር እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሌላውን እየጠራ፣ የ2004 ዓ.ም. የመስቀል በዓል ላይ የሆነ ነገር ሳይቀር እየተነሣ፣ ነገሩ ማለቂያ ያጣ መሆኑ ብቻ ነበር። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይላሉ አባቶች፤ በዚያ ሰዓት እጄ ላይ የነበረው ስልክ ከማጭድ ምንም የሚለይ አልነበረም።

ያቆመኝ ቁጥር

ያንን መልእክት ከመላክ የመለሰኝ አስተዋይነቴ አይደለም። የእህቴ ዘመናዊ ስልክ ከሁለት ሳምንት በፊት ወድቆ ተሰብሮባት፣ ቁልፍ ያለው ትንሽ ስልክ ነበር የምትይዘው። ስለዚህ በቴሌግራም ልልክላት አልችልም፤ የምጽፈው በተራው የአጭር መልእክት ሳጥን ውስጥ ነበር። በአማርኛ የሚጻፍ አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ ክፍት ቦታውና ነጥቡም ይቆጠራል። የላቲን ፊደል ከሆነ 160 ይገባል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ አንድ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ እያንዳንዱ ሁለት ባይት ይወስዳል። ጽሑፉ ከ70 ሲያልፍ ስልኩ ይከፋፍለዋል፤ ክፍሎቹ ሲደርሱ በቅደም ተከተላቸው እንዲገጣጠሙ የሚያደርግ ምልክት ስለሚጨመርባቸውም እያንዳንዱ ክፍል 67 ፊደል ብቻ ይይዛል።

ይህን ሁሉ ያን ሌሊት አላሰብኩትም። ያየሁት ከሳጥኑ ጥግ ያለውን ቁጥር ነው፤ 31 ይላል። ሠላሳ አንድ መልእክት። ያቺ ትንሽ ስልክ ከእህቴ ትራስ ሥር ሆና ሠላሳ አንድ ጊዜ ስትጮህ ታየኝ። መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ሂሳቡ ነበር፤ ቀጥሎ ያሰብኩት ክፍሎቹ በከፊል ቢጠፉ፣ ወይም በተዘበራረቀ ሁኔታ ቢደርሱ፣ የትኛው ቁራጭ ቀድሞ ይታያታል የሚለውን ነው። ሳጥኑን ወደ ላይ እየገፋሁ ከመካከል አንዱን አነበብኩ፤ «ለነገሩ አንቺ ድሮም እንዲህ ነሽ» ይላል። ይህ ቁራጭ ብቻውን ቢደርሳት ብዬ ደነገጥኩ። ከዚያ አንድ ጥያቄ መጣብኝ፤ አንዱን ብቻ መላክ ብችል፣ ሰባ ፊደል ብቻ ቢኖረኝ፣ የትኛውን እልክ ነበር?

አላወቅኩትም። አራት መቶ ቃል ጽፌ ስለ ምን እንደጻፍኩ አለማወቄ ከቁጣዬ ይልቅ አስፈራኝ።

በደብተር ላይ

ቦርሳዬ ውስጥ የተማሪዎቼን ፈተና ለማረም የያዝኩት ደብተርና ቀይ እስክሪብቶ ነበር፤ የአማርኛ መምህር ነኝ። መጀመሪያ ያደረግኩት መልእክቱን ገልብጬ ወደ ስልኬ ማስታወሻ ማዛወርና የመላኪያውን ሳጥን ባዶ ማድረግ ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን የተቀባዩ ስም ከላይ እስካለና መላኪያው ከአውራ ጣት ሥር እስካለ ድረስ ሰው የሚያነበውን አያነብም፤ መልሱን እያሰበ ይከራከራል። ስሟ ከላይ ሲጠፋ ጽሑፉ ጽሑፍ ሆነልኝ።

ከዚያ ዓረፍተ ነገሮቹን አንድ በአንድ ወደ ደብተሩ ገለበጥኩ። 38 ናቸው። በእያንዳንዱ ጎን ከአራት ፊደል አንዱን ጻፍኩ፤ የሆነ ነገር ከሆነ «ሆ»፣ ግምት ከሆነ «ግ»፣ በእኔ ውስጥ ያለ ስሜት ከሆነ «ስ»፣ ልመና ከሆነ «ል»። «ማክሰኞ አልመጣሽም» የሆነ ነገር ነው፤ ማንም ቢጠየቅ ያው ነው። «ባልሽ ስላልፈቀደልሽ ነው» ግምት ነው፤ በእህቴ ቤት ውስጥ የሚሆነውን አላውቅም። «እማዬ ለአንቺ ምንሽም አይደለችም» የሚለው ደግሞ ስጽፈው እውነት መስሎኝ ነበር፤ በቀይ ስመለከተው ግን ከግምትም ግምት ነው።

ስጨርስ 14 የሆኑ ነገሮች፣ 19 ግምቶች፣ 3 ስሜቶችና 2 ልመናዎች አገኘሁ። የመልእክቱ ግማሽ ስለ እህቴ ልብ የተጻፈ ነበር፤ እሱም እኔ ያልገባሁበት ልብ። የእኔ ልብ ያለው ሦስት ቦታ ብቻ ነው። አንደኛው «በጣም ተናድጃለሁ» ይላል። ሁለተኛው «ደክሞኛል» ይላል። ሦስተኛው ከ26ኛው ዓረፍተ ነገር መጨረሻ ላይ ተደብቆ የተገኘ ነው፤ «ረቡዕ ሌሊት ስትንቀጠቀጥ ፈርቼ ነበር፣ ለማንኛውም፣ እሱን ተዪው» ይላል።

«ለማንኛውም፣ እሱን ተዪው»። ስለ መስቀሉ በዓል ስምንት ዓረፍተ ነገር የጻፍኩ ሰው፣ ስለ ረቡዕ ሌሊት ግማሽ ዓረፍተ ነገር ጽፌ አልፌዋለሁ። በሌሎቹ ላይ እየተመላለስኩ ቃል ስመርጥ፣ በዚህኛው ላይ የፊደል ስህተት እንኳ ሳላርም ሮጫለሁ። ከዚያ ወዲህ የራሴንም ሆነ ምክር የሚጠይቁኝን ሰዎች ረጅም መልእክት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ቃል ነው። «ለማንኛውም»፣ «ይቅር እሱስ»፣ «ብቻ ተዪው» የሚሉት ቃላት አብዛኛውን ጊዜ የሚቆሙት ጸሐፊው ሊቆምበት ያልደፈረው ስፍራ ላይ ነው። ሰው ቂሙን ዘርዝሮ አይጠግብም፤ የሚያሳፍረውን ወይም የሚያስፈራውን ግን በሩጫ ያልፈዋል።

የግሡ ባለቤት

ወደ ረቡዕ ሌሊት ከመመለሴ በፊት፣ ሙያዬ ስለሆነ፣ ግሦቹን ማየት ጀመርኩ። «ረሳሽን»፣ «ጣልሽብኝ»፣ «ናቅሽን»፣ «አስከፋሽኝ»። ሁሉም በ«ሽ» የታሰሩ ናቸው። የግሡ ባለቤት አንቺ ናት፤ እኔ የተደረገብኝ ነኝ። እንዲህ ያለ ግሥ የሚደርሰው ሰው መልስ ከመስጠት ሌላ አማራጭ የለውም፤ «አልረሳሁም»፣ «አልናቅሁም» ይላል። ከዚያ ክርክሩ ስለ እኔ ሕመም መሆኑ ይቀርና ስለ እሷ ጥፋት መኖር አለመኖር ይሆናል።

አማርኛ ግን ለዚህ የሚሆን በር አለው። ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ቅር አለኝ፣ ሆድ ባሰኝ እንላለን። «ከፋኝ» ስንል ማን እንዳስከፋን አልተናገርንም፤ ክፋቱ እንደ ራብና እንደ ብርድ መጥቶ ያገኘን ያህል ነው። ራበኝ የሚል ሰው ማንንም አልከሰሰም። በዚሁ ቃል ፊት «አስ»ን፣ ከ«ኝ» በፊት ደግሞ «ሽ»ን ብንጨምር ግን «አስከፋሽኝ» ይሆናል፤ የእኔ ሕመም የነበረው የእሷ ወንጀል ሆኖ ቁጭ ይላል። ለውጡ የሦስት ፊደል ነው፤ የሚያስከትለው ግን የዓመት ኩርፊያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የክስ ግሦቹን አንድ በአንድ እየወሰድኩ ወደ ሥራቸው ለመመለስ ሞከርኩ። «አስከፋሽኝ» ከፋኝ ሆነ፣ «አስጨነቅሽኝ» ጨነቀኝ ሆነ። «ናቅሽን» ግን እምቢ አለ። «ተናቅሁ» ብለው እንኳ፣ የናቀኝ ሰው አለ ማለቴ ነው። መመለስ የማይችለው ግሥ ስሜት አይደለም፤ ግምት ነው። ሰረዝኩት።

አንድ ማምለጫ ነበረብኝ፤ ብዙ ሰውም የሚወድቅበት ስለሆነ ልብ ቢባል መልካም ነው። «ብቻዬን እንደተውሽኝ ተሰማኝ» ብዬ ጻፍኩ። «ተሰማኝ» ስላለበት ስሜት ይመስላል። ነገር ግን «ተሰማኝ» የሚለውን ቆርጬ ስጥለው የቀረው «ብቻዬን ተውሽኝ» ነው፤ ያው ክስ፣ ለስለስ ያለ ቀሚስ የለበሰ። እህቴ ደግሞ ሞኝ አይደለችም፤ ከቀሚሱ ሥር ያለውን ታየዋለች።

ብትመጣ ምን ይቀየር ነበር?

ክሱ ሲወጣለት በደብተሩ ላይ የቀሩት «ተናድጃለሁ»፣ «ደክሞኛል»ና «ፈርቼ ነበር» ናቸው። ልልክ የፈለግኩት «ተናድጃለሁ» የሚለውን ነበር፤ ትልቁ እሱ ስለሆነ። «ለምን ተናደድኩ?» ብዬ ጠየቅኩ፤ «ስላልመጣች» የሚል መልስ መጣ። «ለምን አልመጣችም?» ስል ወዲያው ወደ ባሏ፣ ወደ መስቀሉ፣ ወደ 19ኙ ግምቶች ተመለስኩ። «ለምን» የሚለው ጥያቄ ሁልጊዜ ወደ ሌላው ሰው ቤት እንደሚወስድ ያን ጊዜ ገባኝ። ስለዚህ ጥያቄውን ቀየርኩት፤ ብትመጣ ኖሮ ምን ይቀየር ነበር?

ልብስ ማጠቡን እኔው እችለዋለሁ። ምግብ የአጎቴ ሚስት ታመጣለች። መድኃኒት ለመግዛት ጎረቤታችን ይሮጥልኛል። እንዲያ እያልኩ አንድ በአንድ ስሰርዝ ረቡዕ ሌሊት ላይ ደረስኩ።

ረቡዕ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬን ብርድ ብርድ አላት፤ ከዚያ አልጋው እስኪነቃነቅ ድረስ መንቀጥቀጥ ጀመረች። ጋቢዬን ደረብኩላት፣ አልተዋትም። ዓይኗ ክፍት ነው፣ ስጠራት ግን አትመልስልኝም። የነርሶቹ ክፍል በኮሪደሩ ጫፍ ነው። ሲስተሯን ለመጥራት መሮጥ አለብኝ፤ ለመሮጥ ደግሞ እማዬን ትቼ መሄድ አለብኝ። በሩ ላይ ደርሼ ተመለስኩ፣ እንደገና ሄድኩ፣ እንደገና ተመለስኩ። በመጨረሻ ሮጥኩ። ስመለስ ሞታ አገኛታለሁ የሚል ሐሳብ ከእግሬ ጋር አብሮ ይሮጥ ነበር። ሲስተሯ መጣች፣ ሙቀቷን ለካች፣ 39.2 ነበር፤ ደም ወሰደች፣ መድኃኒት ሰጠቻት፣ «ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ ዶክተሩን እጠራለሁ፣ አብሽሪ» አለችኝ። ሲነጋጋ ትኩሳቱ ወረደ። ሐሙስ ጠዋት እህቴ ደውላ «እንዴት አደረች?» ስትለኝ «ደህና ናት» አልኳት።

ስለዚህ እህቴ ብትኖር የሚቀየረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እኔ ስሮጥ እማዬ አጠገብ የሚቀር ሰው ይኖር ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል፤ ሥሩ ይኸው ነበር። ከመናደዴ ሥር ድካም፣ ከድካሙ ሥር ፍርሃት ነበር። ፍርሃቱም እማዬ ትሞታለች የሚል ብቻ አልነበረም። አማርኛችን ለዚህ «ትሞትብኛለች» የሚል ቃል አለው፤ በዚያች «ብኝ» ውስጥ ብቸኝነቱም፣ ኃላፊነቱም፣ በኋላ «ምን ስታደርጊ ነበር?» ብሎ የሚጠይቀኝ ሰው ሁሉ አለ።

ይህን ዓረፍተ ነገር ደብተሩ ላይ ስጽፈው እንባዬ መጣ፤ 412ቱን ቃል ስጽፍ ግን አንድ ጊዜም አላለቀስኩም ነበር። ትከሻዬ ወረደ። በ2007 እ.ኤ.አ. ማቲው ሊበርማንና ባልደረቦቹ ባሳተሙት ጥናት፣ ሰዎች በፎቶግራፍ የሚያዩትን ፊት ስሜት በቃል ሲሰይሙ፣ አሚግዳላ በተባለው የአንጎል ክፍል ላይ የሚታየው መነቃቃት ቀንሶ ተገኝቷል። የእነሱ ሙከራ በቤተ ሙከራ፣ በሌላ ሰው ፊት ላይ የተደረገ ነው፤ የእኔ በካርቶን ላይ፣ በራሴ ፍርሃት ላይ ነበር፤ ስለዚህ አንድ ናቸው አልልም። ነገር ግን ስሙ ሲገኝ አንድ ነገር እንደሚረግብ ያን ሌሊት በሰውነቴ አውቄዋለሁ።

እውነተኛው ሥር ላይ መድረስ አለመድረሴን የፈተንኩት በሌላ ጥያቄ ነው። እህቴ ያልመጣችበት ምክንያት በጣም ጥሩ ምክንያት ሆኖ ቢገኝ፣ ለምሳሌ ልጇ ታሞባት ቢሆን፣ ይህ ዓረፍተ ነገር እውነት ሆኖ ይቆያል ወይ? «ተናድጃለሁ» የሚለው ይጠፋል፤ ልጇ ታሞ እያለ ልናደድባት አልችልም። «እማዬ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ» የሚለው ግን የእሷ ምክንያት ምንም ይሁን ምን ያው ነው። የሌላው ሰው ምክንያት ሊያጠፋው የማይችለው ስሜት ሲገኝ ቁፋሮው ይበቃል።

ስልሳ ፊደል

መጀመሪያ ያሳጠርኩት ከመጠን በላይ ሆነ። «እትዬ፣ ጨንቆኛል» ብዬ ጻፍኩ። እውነት ነው፤ የክስ ግሥም የለበትም። ግን እህቴ ይህን ብታነብ ምን ታደርጋለች? «አብሽሪ፣ አላህ ያሽራታል» ብላ ትመልስልኛለች፤ እሱም ትክክለኛ መልስ ነው። ቦታውና ሰዓቱ ሳይነገር የቀረበ ስሜት ለተቀባዩ የሚያዝ ነገር የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገር እንዲኖረው አደረግኩ፤ መቼ እንደሚመጣብኝ፣ ምን እንደሆነ፣ ምን እንደምለምናት። ልመናውም አንድ፣ ልክ ያለው፣ እሺ ወይም አይሆንም ሊባል የሚችል። «ትንሽ አስቢልን» ልመና አይደለም፤ ያሰበችም ያላሰበችም መሆኗን ማን ይለካዋል?

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደብተሩ ላይ የነበረው ይህ ነው፦

«እትዬ፣ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ እማዬ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ። አንድ ሌሊት እንኳን አብረሽኝ እደሪ።»

ቆጠርኩት፤ ስልሳ ፊደል ነው። በአንድ መልእክት ይሄዳል፤ አሥር ይተርፈዋል። አልላክሁትም። ያልላክሁበት አንዱ ምክንያት ተኝታ ስለነበር ነው፤ ሌላው ደግሞ በሌሊት የጻፍኩትን በሌሊት ዓይን ብቻ ማየቴ በቂ አይመስለኝም ነበር።

ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ፣ ጦሳ ተራራ ላይ ብርሃን ሲያርፍ፣ ሻይ ይዤ ቆሜ በአፌ አነበብኩት። በዓይን የማይያዝ ነገር በጆሮ ይያዛል። «አንድ ሌሊት እንኳን» ስል ድምፄ ተለወጠ። «እንኳን» የምትለዋ ቃል ውስጥ ያ የሰረዝኩት ሁሉ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ የመስቀሉ በዓልም፣ ባሏም፣ «አንቺ ድሮም»ም። በእሷ ፋንታ «ከቻልሽ» አስገባሁ። ሁለቱም አራት አራት ፊደል ናቸው፤ ስልሳው ስልሳ ሆኖ ቀረ።

«እትዬ፣ ሌሊት ብቻዬን ሆኜ እማዬ እንዳትሞትብኝ እፈራለሁ። ከቻልሽ አንድ ሌሊት አብረሽኝ እደሪ።»

ላክሁት።

ያልገባው ነገር

ወደ ደብተሩ ስመለስ አንድ ነገር አሳስቦኝ ነበር። ከ14ቱ የሆኑ ነገሮች መካከል የገንዘብ ጉዳይ አለ። ለመድኃኒትና ለምርመራ እስከዚያ ቀን 18,000 ብር ወጥቷል፤ ሁሉም ከእኔ ነው። ይህ ስሜት አይደለም። ይህን ወደ «ጨነቀኝ» ባወርደው ራሴን እዋሻለሁ፤ እህቴንም የማይገባት ጨዋታ ውስጥ አስገባታለሁ፤ ምክንያቱም ሂሳብ የሚፈታው በሂሳብ ነው። ነገሩን አጥርቶ ማሳጠር ማለት መብትን ሁሉ ወደ እንባ መለወጥ ማለት እንዳይሆን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ገንዘቡን በደብተሩ የመጨረሻ ገጽ ላይ በቀን በቀኑ ጻፍኩት፤ እማዬ ቤት ከገባች ከሁለት ሳምንት በኋላ አጎታችን ባሉበት ቡና ተፈልቶ ተነጋገርንበት። ቀላል ንግግር አልነበረም፤ ከአቦል እስከ በረካ ተከራከርን፤ ሙሉ በሙሉም አልተስማማንም። ነገር ግን ስለ ገንዘብ የተነጋገርነው ስለ ገንዘብ ብቻ ነበር።

ሌላም ወሰን አለው። እህቴ ብትቆጣም ብትቀርም ክፉ ሰው አለመሆኗን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ፍርሃቴን ባዶ እጁን ሰድጄላታለሁ። የሰውን ፍርሃት አውቆ መልሶ የሚወጋበት ሰው ቢሆን ኖሮ ይህን ስልሳ ፊደል አልልክም ነበር። ለእንደዚያ ያለ ሰው ሥሩን አግኝቶ ለራስ ማስቀመጥ፣ ለእሱ ደግሞ የሚፈለገውን ነገር ብቻ በአጭሩ መጻፍ ይበቃል።

ቅዳሜ ማታ

መልስ አልጻፈችልኝም። እስከ ቀትር ድረስ ስልኩን አሥር ጊዜ አየሁ፤ ሠላሳ አንዱን ሁሉ በላክሁት ኖሮ ብዬ የተመኘሁበት ጊዜም ነበር። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ ድምፅዋን ሰማሁ። በአንድ እጇ ምሳ ዕቃ፣ በሌላው የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዛለች። እማዬን ስማ፣ እኔን ስማ፣ ብርድ ልብሱን ካርቶኑ ላይ አነጠፈችው።

«ሌሊት ምን ሆና ነበር?» አለችኝ ዝቅ ባለ ድምፅ።

የረቡዕን ሌሊት ነገርኳት። በሩ ላይ ደርሼ መመለሴን፣ መሮጤን ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ፤ ከዚያ «ሐሙስ ደውዬ ደህና ናት አልሽኝ እኮ» አለች። አዎ፣ ብያታለሁ። በ412ቱ ቃል ውስጥ ይህን አልጻፍኩትም ነበር፤ እሷ የማታውቀውን ነገር ስላላወቀች እንደከሰስኳት ያን ጊዜ ገና ተገለጠልኝ። ለምን እንደቀረች አልጠየቅኳትም። በኋላ ራሷ ስለ ሥራዋ ተረኛነት ጥቂት ነገረችኝ፤ ሁሉንም አልነገረችኝም፣ እኔም አልገፋሁም። ያደረችው ያን አንድ ሌሊት ብቻ ነው፤ እሑድ ከቀትር በኋላ ተመለሰች። የለመንኩት አንድ ሌሊት ነበር።

ሁለታችንም አልተኛንም። እግራችንን አንድ ብርድ ልብስ ውስጥ አድርገን ስለ አባታችን፣ ስለ ልጆቿ ትምህርት፣ ኮምቦልቻ ስላለው ሙቀት እያወራን አነጋነው። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እማዬ ነቅታ ውኃ ስትል ሁለታችንም እኩል ተነሣን፤ እሷ ኩባያውን ስታነሣ፣ እኔ የእማዬን ራስ ደገፍኩ።